መፈልፈያው ለዕዳ ሲያዝ
ማሽን አስይዞ መበደር፣ ብድሩ ሳይከፈል ሲቀርም አበዳሪው ማድረግ የሚችለውና የማይችለው

በጌዴኦ ዞን ከዲላ ወደ ደቡብ፣ በኮቸሬ በኩል ባለው የሬኮ አካባቢ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ሰው ንብረቱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከመሬቱ የማይላቀቀው ነው፤ በሲሚንቶ የተሠራው የማብላያ ገንዳ፣ ቡናው እየታጠበ የሚወርድበት ቦይ፣ መጋዘኑ፣ የጥበቃ ቤቱ። ሁለተኛው ብሎኑ ከተፈታ በመኪና ተጭኖ ሊሄድ የሚችለው ነው፤ መፈልፈያው፣ ሞተሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ሚዛኑ። ብድር ፈልጎ ባንክ ሲሄድ ለብዙ ዓመታት ይጠየቅ የነበረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነበር። መሬቱ ደግሞ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይያዝም ነበር፤ ገጠር ያለ ግንባታም ገዢ እንደ ልብ ስለማይገኝለት ባንኩ የሚሰጠው ግምት ዝቅ ያለ ነው። በዚህ የተነሳ በሚሊዮን ብር የሚገመት ማሽን ያለው ሰው ከተማ ውስጥ ቤት ያለው ዘመድ ፈልጎ «ቤትህን አስይዝልኝ» እያለ ሲለምን ኖሯል።

ማሽን ማስያዝ በሕግ ተከልክሎ አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መያዣ በሰፊው ይደነግግ ነበር። ችግሩ መያዣው በዋናው አሠራር ለአበዳሪው ወይም ሁለቱ ወገኖች ለተስማሙበት ሦስተኛ ሰው እንዲሰጥ መፈለጉ ነው። ወርቅ ወይም ጌጥ ሲሆን ይህ አያስቸግርም፤ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። መፈልፈያ ግን ባንክ ግቢ ገብቶ ከቆመ እሸት ቡና የሚፈለፍል የለም፤ ካልተፈለፈለም ብድሩ የሚከፈልበት ገንዘብ አይመጣም።

ይህን የለወጠው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። አዋጁ ማሽኑ በባለቤቱ እጅ ሆኖ እየሠራ ለብድር እንዲያዝ አድርጓል። የርክክቡን ቦታ የተካው ምዝገባ ነው። ብሔራዊ ባንክ የሚያስተዳድረው፣ በኮምፒውተር የሚሠራ የመያዣ መዝገብ አለ፤ አበዳሪው «ይህ ማሽን በእኔ ዘንድ በዋስትና ተይዟል» ብሎ እዚያ ያስመዘግባል። ሌላ አበዳሪ ወይም ገዢ ከመዋዋሉ በፊት መዝገቡን አስፈትሾ ማወቅ ይችላል። ማሽኑን ዓይቶ መያዙን ማወቅ ስለማይቻል የአሠራሩ ሁሉ መሠረት ይህ መዝገብ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ሰዎቹም ሆኑ የብሩ መጠን ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። ሬኮ ላይ ጣቢያ ያላት አንዲት ነጋዴ ከባንክ 4 ሚሊዮን ብር ትበደራለች እንበል። ዋስትና የምትሰጠው መፈልፈያውን ከነሞተሩ፣ ጄኔሬተሩንና የውሃ ፓምፑን ነው። የጣቢያ ገቢ ወቅት አለው፤ እሸት ቡና ከመስከረም መጨረሻ ወይም ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ፣ ከፍ ባለው ደጋ እስከ ጥር ይለቀማል። ታጥቦና ደርቆ ተሸጦ ገንዘቡ እጇ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በየወሩ ሳይሆን በየዓመቱ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ በሦስት ዓመት ከፍላ ልትጨርስ ተዋዋለች።

ውሉ በጽሑፍ መሆንና በአስያዡ መፈረም አለበት። በውስጡ ትልቁን ቦታ የሚይዘው፣ ሰዎች ግን በቸልታ የሚያልፉት፣ የንብረቱ መግለጫ ነው። «የቡና መፈልፈያ ማሽን፣ ብዛት አንድ» ተብሎ ከተጻፈ ነገ ጭቅጭቅ ሲመጣ ማን የትኛውን ማለቱ እንደነበር ማስረዳት ይከብዳል። ማሽኑ ገላ ላይ በሚስማር የተመታ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ፤ የፋብሪካው ስም፣ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። ሞተሩም የራሱ ሰሌዳና ቁጥር አለው። ብዙ ወቅት የሠራ ማሽን ላይ ሰሌዳው በዝገት ተበልቶ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ይገኛል። ያኔ ቀለሙን በቀስታ ፍቆ ቁጥሩን ማንበብ፣ ካልተነበበም ስንት ዲስክ እንዳለው፣ የሞተሩን የፈረስ ጉልበት፣ የተተከለበትን ጣቢያና ቀበሌ ጽፎ ፎቶግራፍ ማያያዝ ያስፈልጋል። ይህ ለባንኩ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በደንብ ያልተለየ መያዣ ተበዳሪዋ ያላስያዘችው ሌላ ማሽን ጭምር «ይኸው ነው» ተብሎ እንዲጠየቅ በር ይከፍታል።

ሌላው ሊጻፍ የሚገባው ዋስትናው የሚሸፍነው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ነው። 4 ሚሊዮን ብር ተበድራ ዋስትናው «ላለባትና ወደፊት ለሚኖርባት ማንኛውም ዕዳ» በሚል ብቻ ከተጻፈ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የምትወስደው ሌላ ብድርም በዚሁ ማሽን ላይ ሊታሰብ ይችላል። ማሽኑን ለሌላ አበዳሪ በሁለተኛ ደረጃ ማስያዝ ብትፈልግም ያ አበዳሪ ምን ያህል ዋጋ እንደተረፈለት ማወቅ ይቸግረዋል።

ውሉ በሁለቱ መካከል ይሠራል፤ በሌላው ሰው ላይ የሚሠራው ግን ሲመዘገብ ነው። ሁለት አበዳሪዎች በአንድ ማሽን ላይ ቢያበድሩ በመደበኛው ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ የተዋዋለው ሳይሆን ቀድሞ ያስመዘገበው ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ማሽኑ የተገዛበትን ገንዘብ ራሱ ያበደረ ወይም ማሽኑን በዱቤ የሸጠ ሰው በሕጉ የተቀመጠውን አሟልቶ ካስመዘገበ፣ ቀደም ብሎ በተበዳሪዋ ንብረት ሁሉ ላይ የተመዘገበን አበዳሪ ሊቀድም ይችላል። ምሳሌያችን ላይ ያለው ሞተር ቢቃጠልና ነጋዴዋ ዲላ ካለ ዕቃ ሻጭ አዲስ ሞተር በዱቤ ብትወስድ ይህ ጥያቄ ወዲያው ይነሳል፤ የመፈልፈያው ዋስትና ባንኩ ዘንድ ሆኖ ሞተሩ ላይ ግን ሻጩ ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ ሞተር የለወጠ ተበዳሪ ለባንኩ በጽሑፍ ቢያሳውቅ ኋላ ንብረት አሽሽቷል ከመባል ይድናል።

በብሎን የታሰረ ማሽን መቼ የሕንፃው አካል ይሆናል? ይህም ጥያቄ ጣቢያዎች ላይ በርግጥ የሚነሳ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1132 ሳይፈርስ ወይም ሳይበላሽ ሊነጠል የማይችልን ነገር የዋናው ንብረት ክፍል ያደርገዋል። የማብላያ ገንዳው ያለ ጥርጥር እንዲህ ነው። ፓምፑና ጄኔሬተሩ አይደሉም። መፈልፈያው መሐል ላይ ነው፤ እግሩ በብሎን ከታሰረ ይፈታል፣ ግማሽ አካሉ ኮንክሪት ውስጥ ከተቀበረ ግን ክርክር ያስነሳል። የጣቢያው ግንባታ ለአንድ ባንክ፣ ማሽኑ ለሌላ ባንክ ተይዞ ከሆነ ሁለቱም «የእኔ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ማሽን ይዞ የሚያበድር ባለሙያ ጣቢያው ድረስ ሄዶ የመሠረቱን አተካከል ማየቱ፣ ሕንፃው ላይ መያዣ መኖር አለመኖሩንም መጠየቁ የሚገባው ለዚህ ነው።

ወደ ምሳሌው እንመለስ። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ በጊዜው ተከፈለ። በሁለተኛው ዓመት የእሸት ቡና ዋጋ በለቀማው መካከል ናረ፤ ነጋዴዋ በውድ ገዝታ አጠበች፣ የታጠበው ቡና ግን በሰጋችበት ዋጋ ተሸጠ። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያም አለፈ፣ ክፍያው አልተከፈለም። በዚህ ጊዜ ዋናውና ወለዱ ተደምሮ 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ቀርቶባታል እንበል። ባንኩ ምን ማድረግ ይችላል?

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ማሽኑ የባንኩ አልሆነም። ብዙ ሰው «ካልከፈልኩ ማሽኑ የእነሱ ነው» ብሎ ያስባል፤ አንዳንዱም ይህንኑ ቃል ውል ላይ ፈርሞ ይገኛል። የኢትዮጵያ ሕግ ከድሮም ይህን አይወድም። በ1952 ዓ.ም. ሕግ ቁጥር 2851 የዕዳው ቀን ሲያልፍ ሕጉ ያዘዘው ሥርዓት ሳይጠበቅ አበዳሪው መያዣውን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚል ስምምነትን ዋጋ ቢስ አድርጎት ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ገንዘብ የጨነቀው ሰው በሚበደርበት ቀን ማንኛውንም ነገር ይፈርማል። በአዲሱ አዋጅም ቢሆን የአበዳሪው መብት በማሽኑ ዋጋ ላይ ነው። ማሽኑን ሸጦ ዕዳውን ያነሳል፣ የተረፈውን ይመልሳል። ማሽኑን ራሱን ለዕዳው ማስቀረት ከፈለገ ይህንን በጽሑፍ ለተበዳሪዋና መብት ላላቸው ሌሎች አበዳሪዎች ማቅረብ አለበት፤ እነሱም መቃወም ይችላሉ። ማሽኑ ከዕዳው በላይ የሚያወጣ ከመሰላት ነጋዴዋ መቃወሟን በጽሑፍ፣ ሳትዘገይ ማሳወቅ አለባት። ዝምታዋ እንደ ስምምነት ሊቆጠርባት ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ማስጠንቀቂያ ነው። ባንኩ ክፍያ መቋረጡን፣ ዕዳው ስንት እንደሆነና ምን ሊያደርግ እንዳሰበ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሕንፃን በሚመለከት ባንኮች የሚሠሩበት አዋጅ ቁጥር 97/1990 ከሽያጩ በፊት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውም ይህንኑ «የሠላሳ ቀን ደብዳቤ» ነው። የማሽን መያዣ በራሱ አዋጅ ስለሚመራ፣ የደረሳት ደብዳቤ የትኛውን ሕግና የውሉን የትኛውን አንቀጽ እንደጠቀሰ ማንበብ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ሲመጣ አልቀበልም ማለት አያዋጣም። ተቀብሎ፣ የደረሰበትን ቀን ጽፎ መፈረም ይሻላል፤ ጊዜው ከየት እንደሚቆጠር የሚያስረዳው ይህ ነው። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው የዕዳ መጠን ካልተስማማትም የሂሳብ መግለጫ በጽሑፍ ትጠይቅ። ቅጣት ወለድ በትክክል መታሰቡን ማየት የምትችለው በዚያ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ማሽኑን የመያዝ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጠብ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። አበዳሪው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፍርድ ቤት አመልክቶ ትእዛዝ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ያለ ፍርድ ቤት መያዝ ሲሆን ይህ የሚፈቀደው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ተበዳሪዋ ያለ ፍርድ ቤት እንዲያዝ በውሉ ላይ በጽሑፍ ተስማምታ መገኘት አለባት። ክፍያ ማቋረጧንና ማሽኑ ሊያዝ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ሊደርሳት ይገባል። ሰዎቹ መጥተው ሊይዙ ሲሉ ደግሞ ማሽኑ በእጁ ያለ ሰው መቃወም የለበትም። ሦስተኛው ነጥብ ዋናው ነው። የባንኩ ሠራተኞች የጭነት መኪናና መካኒክ ይዘው ሬኮ ቢደርሱና ነጋዴዋ «አልፈቅድም፣ ትእዛዝ አምጡ» ብትል መመለስ አለባቸው። በር ሰብሮ መግባት፣ ዘበኛውን አስፈራርቶ ማስከፈት፣ ሌሊት መጥቶ ብሎን መፍታት የአበዳሪ መብት አይደለም። በሌላ በኩል እሷም ከማስጠንቀቂያው በኋላ ማሽኑን ወደ ሌላ ጣቢያ ብታሸሽ ወይም ሞተሩን አውልቃ ብትሸጥ ጉዳዩ ከገንዘብ ዕዳ አልፎ ሌላ ተጠያቂነት ሊያመጣባት ይችላል።

መያዝ ማለት ሁልጊዜ መጫን ማለትም አይደለም። መፈልፈያ ነቅሎ፣ በጠመዝማዛው መንገድ ወደ ዲላ አውርዶ፣ መጋዘን ተከራይቶ ማስቀመጥ ወጪ ነው። ያ ወጪ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከሽያጩ ላይ ይነሳል። ማሽኑን ባለበት አሽጎ፣ በዝርዝር ተረካክቦ፣ እዚያው ለገዢ ማሳየት ይቻላል። ገዢም የተተከለ ማሽን ሲሠራ ዓይቶ የሚሰጠው ዋጋና መጋዘን ጥግ ወድቆ ዓይቶ የሚሰጠው ዋጋ አንድ አይደለም። እኔ ተበዳሪዋን ብሆን መጀመሪያ የምለምነው ይህንኑ ነው።

አራተኛው ሽያጩ ነው። አበዳሪው በሐራጅም ሆነ በሌላ መንገድ ሲሸጥ እንደ ማንኛውም አስተዋይ ነጋዴ መሸጥ አለበት። የሚሸጥበትን ጊዜና ቦታ ለተበዳሪዋ፣ በማሽኑ ላይ መብታቸውን ላስመዘገቡ ሌሎችም ያሳውቃል። በጌዴኦ አካባቢ ስለ ጊዜው አንድ የሚታይ ነገር አለ። መፈልፈያ ነሐሴ ላይ ይፈለጋል፤ ባለጣቢያዎች ለለቀማው የሚዘጋጁበት ወር ነው። ግንቦት ላይ የሚሸጥ መፈልፈያ ገዢው ጥቂት ነው፤ ለወራት ሥራ የሚፈታ ማሽን በእጁ ካለው ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ አይበዛም። ሕጉ «እስከ ነሐሴ ጠብቅ» አይልም። ነገር ግን ነጋዴዋ ይህን በጽሑፍ አስረድታ ሽያጩ እንዲዘገይ ብትጠይቅ የባንኩንም ጥቅም የሚነካ ምክንያት ነው፤ የተሻለ ዋጋ ለሁለቱም ይጠቅማልና። ገዢ ራሷ ፈልጋ ማቅረብም ትችላለች።

ሽያጩ እስኪፈጸም ድረስ ዕዳውንና የወጣውን ወጪ ከፍላ ማሽኑን ማስለቀቅ ትችላለች። ሐራጅ ታውጇል ማለት አልቋል ማለት አይደለም፤ ብሩን ይዛ ከደረሰች ሽያጩ ይቆማል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ግንቦት ላይ ማሽኑ ተነቅሎ ዲላ ወርዶ በ2 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር ተሸጠ እንበል። ለመንቀያ፣ ለጭነት፣ ለመጋዘንና ለማስታወቂያ የወጣው 100 ሺህ ብር በመጀመሪያ ይነሳል። የቀረው 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ለዕዳው ይውላል። ዕዳው 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ስለነበር 600 ሺህ ብር ይቀራል። ይህ ቀሪ አይሰረዝም። ባንኩ ልዩ መብቱን ተጠቅሞ ጨርሷል፤ ለቀሪው ግን እንደ ማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ ነጋዴዋን፣ ዋስ የሆነላትንም ሰው መክሰስ ይችላል። ማሽኑ ከሄደ ዕዳውም ሄደ ብለው የተቀመጡ ሰዎች ከጊዜ በኋላ መጥሪያ ሲደርሳቸው የሚደነግጡት ለዚህ ነው።

ይኸው ማሽን ባለበት ሆኖ ነሐሴ ላይ በ3 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ቢሸጥስ? እስከዚያ የተጨመረው ወለድ ዕዳውን 2 ሚሊዮን 900 ሺህ አድርሶታል፣ ወጪው 30 ሺህ ብር ነው ብንል 170 ሺህ ብር ይተርፋል። ይህ ትርፍ የባንኩ አይደለም። በማሽኑ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ያስመዘገበ አበዳሪ ካለ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ከሌለ ለነጋዴዋ ይመለሳል። ተበዳሪዋ የሽያጩን ዋጋ፣ የወጪውን ደረሰኝና የቀረውን ሂሳብ በዝርዝር መጠየቅ አለባት፤ ሳይጠየቅ የሚሰጠው ሂሳብ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ነው።

እስካሁን ያየነው ማሽኑ የተበዳሪዋ ሆኖ ሲያዝ ነው። በኪራይ መልክ የሚገኝ ማሽን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክና የካፒታል ዕቃ ኪራይ ድርጅቶች በአዋጅ ቁጥር 103/1990 እና በማሻሻያው መሠረት ማሽን ገዝተው ለሥራ ፈጣሪው ያከራያሉ። ኪራዩ ተከፍሎ እስኪያልቅና ስሙ እስኪዛወር የማሽኑ ባለቤት ድርጅቱ ነው። ይህን ማሽን ለሌላ ባንክ ማስያዝ አይቻልም፤ ያላለቀለትን ኪራይ ያቋረጠ ሰውም የሚመለስለት «ትርፍ» እንደ መያዣው ዓይነት አይሰላም። ሁለቱ ወረቀቶች ላይ ላዩን ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ከመፈረም በፊት «ማሽኑ ዛሬ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ያገለገለ ማሽን ለሚገዛ ሰውም አንድ ቃል አለኝ። ጣቢያውን የሚዘጋ ባለቤት መፈልፈያውን በጥሩ ዋጋ ሊሸጥልህ ቢመጣ መጀመሪያ በሻጩ ስም መዝገቡን አስፈትሽ። አበዳሪው ሳይፈቅድ የተሸጠ የተመዘገበ ማሽን ዋስትናው አብሮት ይሄዳል፤ ገንዘብህን ከፍለህ በጣቢያህ ከተከልከው በኋላ ሌላ ሰው ላልከፈለው ብድር ባንክ ሊጠይቅህ ይችላል። ከዕቃ ሻጭ ሱቅ አዲስ ማሽን በመደበኛው ንግድ የሚገዛ ሰው ይህ ስጋት የለበትም። ከባለጣቢያ እጅ የሚገዛ ግን አለበት። ባንኩ ለሽያጩ ፈቃዱን በጽሑፍ ከሰጠና ገንዘቡ በቀጥታ ለዕዳው ከገባ ነገሩ ንጹሕ ይሆናል።

ነጋዴዋ ዕዳዋን ከፍላ ከጨረሰችም አንድ ሥራ ይቀራል። በመዝገቡ ላይ ያለው ማስታወቂያ አበዳሪው እስኪያሰርዘው ወይም የተመዘገበበት ጊዜ እስኪያልፍ እዚያው ይታያል። የመጨረሻውን ክፍያ የከፈለች ቀን የዕዳ ማጣሪያ ደብዳቤ መቀበል፣ ምዝገባው እንዲሰረዝ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ከሳምንታት በኋላም በራሷ ስም አስፈትሻ መሰረዙን ማየት አለባት። ሳይሰረዝ የቀረ ማስታወቂያ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ባንክ ሄዳ ይህንኑ መፈልፈያ ላስይዝ ስትል «ተይዟል» ተብላ ያስመልሳታል።